ገንዘቡን አይላኩልኝ

እኔ ሲናደዱ ከሚያለቅሱት አይደለሁም፤ ሲናደዱ ከሚጽፉት ነኝ። አሰላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ፣ አንዲት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለችኝ። ተበደልኩ የሚል ሰው ሁሉ እኔ ጋ መጥቶ ማመልከቻ ያስጽፋል። የመብራት ቆጣሪ፣ የቀበሌ ቤት፣ የተያዘ ደመወዝ፣ ያልተከፈለ ካሳ፣ ሁሉም በጣቶቼ አልፏል። ባለጉዳዩ ረጋ ብሎ ሲያወራ እኔ እናደድለትና "ይሄማ እንዲህ ተብሎ ነው የሚጻፈው!" እያልኩ የኮምፒዩተሩን ቁልፎች እቀጠቅጣለሁ። ሰዎች ይወዱልኛል። የኔ ማመልከቻ የደረሰው ቢሮ ደግሞ አይወድልኝም፣ ግን መልስ ይሰጣል።

እናቴ የምትኖረው ከሳጉሬ ከፍ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ "መሬቱን ለእኩል አራሽ ስጪው" ያላት ሁሉ አፍሮ ተመልሷል፤ ራሷ ታሳርሳለች፣ ራሷ ታስዘራለች። ዓመቱን ሙሉ የምትበላው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዘርና ማዳበሪያ የምትገዛበት፣ ያው ስንዴዋ ነው። ሌላ ገቢ የላትም። ከልጇ ገንዘብ መቀበል ደግሞ እጅ መስጠት ይመስላታል። ለአጨዳ የሚሆነውን እንኳ አንድ ወይፈን ሸጣ፣ "ቤት ካስቀመጥኩት ይባክናል" ብላ እኔ ስልክ ውስጥ ነው ያስገባችው። ባንክ ይመስል።

ያን ዓመት ስንዴው አምሮ ነበር። ሁላችንም እንዲህ ያለ ዛላ አይተን አናውቅም እያልን ነበር። ችግሩ ሰማዩ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ሊሆን በሚገባው ወቅት የጭላሎ ተራራ ደመና ተከናንቦ ይውል ጀመር። የደረሰ ስንዴ ላይ ዝናብ ከወረደ ፍሬው እዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ ያልበቀለውም ይጠቁራል፤ ነጋዴ በግማሽ ዋጋ እንኳ አያነሳውም። እናቴ በየጠዋቱ ስትደውል ሰላምታዋ "እዚያ ደመናው እንዴት ነው?" ሆነ።

በኛ አገር ስንዴ የሚያጭደው ኮምባይነር ነው። በማጭድ ላጭድ የሚል ሰው ብታገኝ እንኳ የምትከፍለው ስንዴውን ያህል ነው። ኮምባይነሩ ደግሞ ያለ ቀብድ ከቆመበት አይነቃነቅም። ገበሬው ነው ይህን ያስለመደው፤ ለሁለትና ለሦስት ማሽን ቃል ይገባና ቀድሞ የደረሰውን ያስገባል፤ ሌላው ነዳጁን አቃጥሎ ባዶውን ይመለሳል። ስለዚህ ቀብድህን ላክ፣ ከዚያ ተራህ ይያዛል።

የማሽኑ ኦፕሬተር ድሮ ጎማ ይጠግን ስለነበር አገሩ ሁሉ ጎሚስታው ነው የሚለው። ቤተሰቡ ያወጣለትን ስም የሚያውቅ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አላጋጠመኝም። አምና የኛንም ያጨደው እሱ ነው።

እናቴ ገና ሱቅ ስከፍት ደወለች። "ኮምባይነሩ ከታች ከጎረቤታችን ማሳ ገብቷል። እሱን ሲጨርስ ወደኛ ይውጣ ወይ ወደ ሌላ ወረዳ ይሻገር በቀብድ ነው የሚወስነው። አሁኑኑ ላኪለት።"

"ቁጥሩ አለኝ" አልኳት።

እውነቴን ነው፣ ነበረኝ። ስልኬ ውስጥ "ኮምባይነር" ተብሎ ተቀምጧል። ቁጥሩን አስገባሁ፣ መጠኑን አስገባሁ፣ እናም ስልኩ እንደ ደንቡ የተቀባዩን ስም አሳየኝ። የሴት ስም ነው። ቆም አልኩ? አልቆምኩም። ኦፕሬተር ሁሉ ከወረዳ ወረዳ ሲዞር ሲም ካርዱን በሚስቱ ስም ያወጣል፤ ብሩም እሷ ጋ ይገባል፤ እሱ ጋ ከገባማ መንገድ ላይ ያልቃል። አምናም የከፈልነው በአንዲት ሴት ስም ነበር። "ሚስቱ ናት" ብዬ የሚስጥር ቁጥሬን መታሁና አረጋገጥኩ። ስንዴ በኮምባይነር ከማይታጨድበት አገር የመጣ ሰው ቢሆን የሴት ስም አይቶ ይደነግጥ ነበር። እኔ አገሬን አውቃለሁ፤ ያጠፋኝም ማወቄ ነው።

ትንሽ ቆይቶ እናቴ መልሳ ደወለች። "አልገባም ይላል።"

"ገብቷል! መልእክቱ እጄ ላይ ነው።"

"አልገባም ይላል ስልሽ! የትኛው ላይ ነው የላክሽው? ዘንድሮኮ ሌላ ቁጥር ነው ያለው፤ በሱ ነው የሚደውልልኝ።"

ነገሩ ግልጽ ሆነ። ጎሚስታው ሲም የሚያወጣው ለአጨዳ ወቅት ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ይጥለዋል። ብዙ ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ደግሞ ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። የእናቴ ወይፈን የማላውቃት ሴት ስልክ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል።  የራሴ ገንዘብ ቢሆን እኮ እራገም ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር። የእናቴ ነው።

ከጎኔ ያለችው ሱቅ ውስጥ የስልክ ገንዘብ ወኪል የሆነች ልጅ አለች። ሮጬ ገባሁባት። "መልሺልኝ!" አልኳት፣ እሷ የወሰደችው ይመስል።

"እትዬ፣ እኔ መመለስ አልችልም" አለች። "እኔ ጥሬ ብር ተቀብዬ ማስገባት፣ አስወጥቼ መስጠት ነው ሥራዬ። አንቺ ከራስሽ ስልክ የላክሽውን ሊያነሳ የሚችለው የስልክ ድርጅቱ ብቻ ነው። ሳታወጣው ቶሎ ደውዪ። የግብይት ቁጥሩን ያዢ፣ መታወቂያሽንም። አሁን ደግሞ 'እናስመልስልሻለን' ብሎ የሚደውልልሽ ሌላ ሰው ካለ የሚስጥር ቁጥርሽን እንዳትሰጪ፤ ድርጅቱ እሱን አይጠይቅም።"

ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ፣ ቆይታዬን አመሰገኑኝ፣ እንደገና ሙዚቃ አሰሙኝ። በመጨረሻ አንድ ትሁት ወጣት አነሳ። የግብይት ቁጥሩን ተቀበለኝ፣ ማንነቴን አጣራ፣ ከዚያ አሠራሩን ነገረኝ። ገንዘቡ ከተቀባይዋ ሂሳብ ካልወጣ ለጊዜው እንዳይንቀሳቀስ ይያዛል። ተቀባይዋ ይጠየቃሉ። ከፈቀዱ ይመለሳል። ካልፈቀዱ ድርጅቱ በራሱ ሥልጣን ከሰው ሂሳብ አያነሳም፤ ፖሊስና ፍርድ ቤት ነው። ዝርዝሩንም በጽሑፍ በቅሬታ መቀበያቸው እንድልክ ነገረኝ።

በጽሑፍ! ይህቺን ነበር የምጠብቀው። ተቀመጥኩና ጻፍኩ። "ጉዳዩ፦ በስህተት የተላለፈ ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ" ብዬ ጀመርኩ። የላክሁበትን ቀንና ሰዓት፣ የግብይት ቁጥሩን፣ መጠኑን፣ የተሳሳተውን ቁጥርና ትክክለኛውን ቁጥር አስቀመጥኩ። እዚህ ላይ ማቆም ይገባ ነበር፤ እኔ ግን እጄ አያቆምም። ስለ እናቴ መበለትነት፣ ስለ ወይፈኑ፣ ስለ ደመናው፣ ስለሚጣለው ቁጥርና መልሶ ስለሚሸጠው አሠራር አወረድኩት። መጨረሻው "ገንዘቤ በአስቸኳይ ካልተመለሰ ለሚመለከተው ሁሉ አቤት እንደምል ከወዲሁ አሳውቃለሁ" የሚል ነበር። የደረሰኝ መልስ "መልእክትዎ ደርሶናል" ነው።

መጠበቅ አልሆነልኝምና ቁጥሩ ላይ ራሴ ደወልኩ። የአንዲት ትልቅ ሴት ድምፅ "ኤኙ?" አለኝ፤ ማን ነው ማለቷ ነው።

"እናቴ፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬ ጠዋት በስህተት እርስዎ ስልክ ላይ ገንዘብ ገብቶብኛል፤ እባክዎን ቢመልሱልኝ፣ በጣም ቸኩዬ…"

አላስጨረሱኝም። "አወቅኩሽ!" አሉ። "ባለፈው ጎረቤቴንም ልክ እንዲህ ብላችሁ ነው። 'በስህተት ገባ፣ መልሱልኝ።' እሷም መልካም ሰው ናት፣ መለሰች። ለካ የገባ ነገር የለም፣ የውሸት መልእክት ነው! የልጆቿን የትምህርት ቤት ብር ጠራርጋችሁ ወሰዳችሁ። አሁን ደግሞ ወደኔ መጣችሁ? ጎበሳ ከተማ ያለን ሰዎች ሞኝ መሰልናችሁ?" ጆሮዬ ላይ ዘጉት። እንደገና ስደውል አያነሱም። የጽሑፍ መልእክት ላክሁ፦ "እባክዎን ቶሎ ይመልሱልኝ፣ እናቴ ተቸግራለች።" ምንም የለም።

ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ ወጣት ደወለ። "ደውለንላቸው ነበር፤ 'እናንተም ከነሱው ናችሁ' ብለው ዘጉ። ገንዘቡ ለጊዜው ተይዟል፤ ያለፈቃዳቸው ግን ልንመልሰው አንችልም።"

ሱቄን ዘጋሁና ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ሳጉሬ ወረድኩ፤ ከዚያ በሞተር ሽቅብ ወደ እናቴ። በስልክ ልነግራት አልቻልኩም። መንገዱን ሙሉ ግራና ቀኝ ስንዴ ነው፣ ቢጫ ከአድማስ አድማስ፣ ከላዩ ላይ ያ ክፉ ደመና። ሁሉም ሰው የሚሮጥበት ቀን ነበር። የታጨደላቸው ሰዎች ማዳበሪያ ጆንያቸውን እየሰፉ ሲያዩኝ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ቀናሁባቸው።

እናቴን ማሳዋ ዳር ቆማ አገኘኋት። ከታች ኮምባይነሩ እያጉረመረመ የጎረቤታችንን ማሳ ይላጫል፤ የቀረው የነገ ጠዋት ሥራ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። እሷ የምትቆጣኝ መስሎኝ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር።

"ሴትዮዋ ምንድን ነው ያለችሽ? ቃሏን ንገሪኝ" አለች።

ነገርኳት። እናቴ ሳቀች! ስንዴዋ ሊበሰብስ ነው፣ ወይፈኗ ጠፍቷል፣ እሷ ትስቃለች። "እኔም ብሆን እዘጋብሽ ነበር" አለች። "ምን የሚመስል ነገር ነው የጻፍሽላት? እስቲ አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት። ገና ሳነብ ነው የገባኝ። የስንት ሰው የተበላሸ ማመልከቻ አርሜ የራሴን አላየሁም። "እባክዎን ቶሎ ይመልሱልኝ፣ እናቴ ተቸግራለች።" ይሄ የሌባ ደብዳቤ ነው! ቃል በቃል የሌባ ነው። ሌባ ሁልጊዜ ያስቸኩላል፤ ሌባ ሁልጊዜ አንድ ነገር ንኪ፣ አንድ ነገር ላኪ ይላል። ድርጅቱም ደውሎ "ይፈቅዳሉ?" ያለው ያንኑ ነው፤ በስልክ የመጣ ድምፅ ነው። ሴትየዋ ትክክል ናቸው፤ እኔም ብሆን ይሄን መልእክት አላምነውም። ስለዚህ ሌባ ፈጽሞ የማይለውን ማለት አለብኝ።

የስንዴው ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ለሴትየዋ እንደገና ጻፍኩ።

"እናቴ፣ ደህና አድርገው ነው የዘጉብኝ። ገንዘቡን አይላኩልኝ። ስልክዎን አይንኩ፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ለኔም ሆነ ለማንም አይስጡ። እኔንም አይመኑኝ። ነገ መታወቂያዎን ይዘው እዚያው ጎበሳ ያለው የድርጅቱ ቢሮ ይግቡና ሠራተኛውን ዓይን ዓይኑን እያዩ ይጠይቁት፤ 'የኔ ያልሆነ ገንዘብ ገብቶብኛል ወይ?' ይበሉት። የለም ካለዎት ሌባ ነኝ። አለ ካለዎት ምን እንደሚደረግ እሱ ይንገርዎ።"

ለድርጅቱም ሁለተኛ መልእክት ላክሁ። በዚህኛው ወይፈን የለም፣ ዛቻ የለም። የግብይት ቁጥሩን ጠቅሼ "ተቀባይዋ የስልክ ጥሪ ስለማያምኑ፣ ልክም ስለሆኑ፣ እባካችሁ ፈቃዳቸው ጎበሳ ባለው ቢሯችሁ በአካል ሲቀርቡ ይወሰድልኝ፤ ለቢሮው ጉዳዩን አስቀድማችሁ አሳውቁልኝ" አልኩ። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ሁሉ አጭሩ ይሄ ነው።

"ማንበብ ባትችልስ?" አለች እናቴ።

አላሰብኩበትም ነበር። እሷ አስባበታለች። ስልኬን ትታ የራሷን አወጣች፤ "ያንቺን ቁጥር አታነሳም" ብላ ቁጥሩን አስነግራኝ ደወለች፤ ድምፁንም ለሁለታችን ከፈተችው። ሰላምታው በኦሮምኛ ሆነ፣ እናቴ አማርኛዋን እዚያው ጥላ። "አካም ጂርቱ?" አለች። ስለ ከብት ተጠያየቁ፣ ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። ከዚያ እናቴ ስለ ቀብዱ ጀመረች።

"አንቺም ከነሱ ነሽ" አሉ ሴትየዋ፣ አሁን በአማርኛ። ለቁጣ ጊዜ አማርኛ ይመረጣል መሰለኝ።

"ሌባ ከሆንኩ ፈትኚኝ" አለች እናቴ። "የምልሽ ስለ ስንዴ ነው፤ ሌባ ስለ ስንዴ ምን ያውቃል?"

ሴትየዋ መጠየቅ ጀመሩ፦ "ደርሷል?"

"ደርሷል።"

"በምን አወቅሽ?"

እናቴ ጎንበስ ብላ አንድ ዛላ በጠሰች፣ መዳፏ ላይ አሸችው፣ ገለባውን እፍ አለችና አንድ ፍሬ ጥርሷ መካከል አድርጋ ስልኩን አፏ አጠገብ ያዘች። ቀጭ አለ። እኔ ሰምቻለሁ፤ እሳቸውም ሰምተዋል።

"ቀመዲሽ ደርቋል" አሉ ሴትየዋ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። ቀመዲ ስንዴ ነው። "ዛሬ ነገ ሳትይ ማስገባት አለብሽ። እዚያም ደመና አለ?"

"አለ።"

"እዚህም አለ።" ከዚያ ጠየቁ፦ "እና ገንዘቡን ላኪልኝ ነው የምትይኝ?"

"አትላኪልኝ!" ብላ እናቴ ጮኸች። "ምንም እንዳትነኪ! ነገ ራስሽ ሄደሽ ቢሮው ውስጥ ጠይቂ። ልጄ ጽፋልሻለች።"

"ያነበበልኝ ሰው አለ" አሉ። "'እኔንም አይመኑኝ' የምትል ሌባ ሰምቼ አላውቅም። ቶሌ፣ እሺ፣ ነገ በጠዋት እሄዳለሁ።"

እናቴ ስልኩን ዘግታ መቀነቷ ውስጥ ከተተችና ቀና ብላ ደመናውን አየች። ከሳቋ በታች ፍርሃት እንደነበረ ያኔ አየሁ። ከጎሚስታው ጋር እኔ ወርጄ ተነጋገርኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማሽኑ ግን የሌላ ሰው ነው፤ ባለቤቱ ከተማ ሆኖ በየሰዓቱ ይደውላል። "እህቴ፣ የእማማን ስንዴ ትቼ መሄድ ለኔም ያመኛል፤ ግን ነገ ይቺን ማሳ እስክጨርስ ነው። ከዚያ በላይ ካቆምኩ እኔንም ያባርረኛል" አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ አልወጣችም። ማሳው ዳር ቆመን ስልኬን እንደ ታቦት በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። ከታች ኮምባይነሩ ይዞራል፣ በዞረ ቁጥር ያልታጨደው እየጠበበ ይሄዳል። ንፋሱ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ጎረቤቶች ሲያልፉ "መጣ?" ይላሉ፤ አገሩ ሁሉ ሰምቷል። እኔ ስልኬን ደጋግሜ አያለሁ። እናቴ "ይመጣል" ትላለች፣ ሄዳ እንደሰማች ሁሉ።

ማሽኑ ታች ቆመ። ጨርሷል። ጎሚስታው ወርዶ ዘይት ሲያይ፣ ጎማውን በእግሩ ሲመታ እናያለን፤ ሰውየው ሆን ብሎ እያዘገየ እንደሆነ ገባኝ፤ ወደድኩት።

የእናቴ ስልክ ጮኸ። ከወዲያ የሰው ጫጫታ አለ፤ ቢሮ ውስጥ ሆነው ነው። "አንቺ!" አሉ ሴትየዋ። "አለ! ልጁ ከፊቴ ነው የከፈተልኝ። የኔን አውቀዋለሁ፣ ከልጄ የመጣውን አውቀዋለሁ፤ ከላዩ ላይ የኔ ያልሆነ አለ። 'በሉ ውሰዱልኝ፣ የሰው ነገር ቤቴ አይደር' አልኩት። ፈርሜያለሁ። መታወቂያዬንም አይቷል። እውነተኞች ናችሁ ለካ!"

እናቴ በሁለት ቋንቋ ምርቃት አወረደችላቸው፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች።

እኔ ግን ገና አላመንኩም። ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ ፊርማና ገንዘብ በአንድ ቀን እንደማይመጡ አውቃለሁ። ቁልቁል ሮጥኩ። ጎሚስታው መሰላሉ ላይ ነው፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ ፊቱ ወደ መንገዱ ነው። "ቆይ!" አልኩት። ስልኬን አሳየሁት፤ ገና ምንም አልገባም። "ቢሮ ውስጥ ፈርመዋል፤ አሁን ይመጣል፤ እምልልሃለሁ።" ኪሱ ውስጥ ያለው የራሱ ስልክ ይጮሃል፤ ባለቤቱ ነው። አየኝ፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ ድምፁን አጠፋው።

እጄ ላይ ነዘረ። "ገንዘብዎ ተመልሶልዎታል" የሚል መልእክት፣ የግብይት ቁጥሩ ከነ መጠኑ። አንድም ሳይጎድል።

ያወጣሁትን ጩኸት ዛሬም ጎረቤት ያሾፍብኛል። ልጅ ተወለደ ነው የመሰላቸው። የጎረቤታችን ጆንያ ሰፊዎች መርፌያቸውን ጥለው መጡ።

"አሁን" አልኩት ጎሚስታውን፣ "እፊቴ ቁም። ቁጥርህን ራስህ ንገረኝ፣ የሚመጣውን ስምም ንገረኝ።" ተሽኮረመመ። ሰው ከቧል። በመጨረሻ ስሙን ከነአባቱ ተናገረ፤ ስልኬም ያንኑ አሳየኝ። ቤተሰቡ ያወጣለት ረጅምና የተከበረ ስም ነው። ዓመታት ያወቁት ሰዎች ሁሉ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። አንዱ ሽማግሌ "እንዲህ ያለ ስም ይዘህ ነው ጎሚስታው የምንልህ?" ብለው ባርኔጣቸውን አነሱለት። ሳቁ ሳያልቅ የሚስጥር ቁጥሬን መታሁ። የሱ ስልክ ነዘረ። "ገባ!" አለ። ማሽኑን ከመንገዱ መልሶ ወደኛ ሽቅብ አዞረው።

እናቴ ነጠላዋን አገልድማ ከፊቱ ሄደች። ማሽን እየመራች! ከማሳው አፍ ስትደርስ ዞር ብላ በእጇ ግባ አለችው፣ እሱም ገባ። ቢጫው ስንዴ ሲዋጥ፣ ገለባው ከኋላ ሲበተን፣ ከዚያ ፍሬው በቱቦው ወርዶ በተነጠፈው ሸራ ላይ ሲፈስ አየሁ። እናቴ እጇን አስገባችበት። ሞቅ ያለ ነው። እኔም አስገባሁ። ጎረቤት ሁሉ ተረባርቦ ጆንያ ያዘልን፣ የኛን የሚይዝልን የራሱ ያለቀለት ነው፣ ማንም ተጠርቶ አልመጣም። የመጨረሻው ጆንያ ጎተራው አፍ ሲደርስ ጣሪያው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ተሰሙ። ማንም ቀና ብሎ አላየም።

እናቴ ስልኳን አወጣችና ጎበሳ ደወለች። "ገባ" አለች። ጎተራው በር ላይ ቆማ ነው።

 ወዲያው አንዲት አይተናቸው የማናውቃቸው ትልቅ ሴት፣ ትናንት ሌቦች ያሉን፣ በስልኩ ውስጥ እልልታቸውን አቀለጡት። እናቴ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘችው፣ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማው፤ እኛም ከወዲህ ተቀበልናቸው።